የለጋሹ ገንዘብ ሲያበቃ ፓምፑን ማን ይጠግነዋል? የዘላቂነት ክፍሉ ተመለሰብኝ

ትዕግስት ዘወሎ — ጥቅምት 11 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ነው። በደቡብ ወሎ በአንድ ቆላማ ቀበሌ ለ480 አባወራ፣ ወደ 2,400 ሰው ማለት ነው፣ የመጠጥ ውሃ ለማስገባት የሦስት ዓመት ፕሮፖዛል አስገብተን ነበር። ጥልቅ ጉድጓዱ ከዚህ በፊት ተቆፍሮ፣ አፉ ተከድኖ ተቀምጧል። የእኛ ሥራ ፓምፑን፣ ሶላሩን፣ ማጠራቀሚያ ታንከሩንና አራት ቦኖዎችን መሥራት ነው። የንጽህና ትምህርትና የውሃ ኮሚቴ ሥልጠናም አለበት።

ለጋሹ ሌላውን ሁሉ ተቀብሎ የዘላቂነት ክፍሉን መለሰው። የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ ኅብረተሰቡ ተቋሙን በባለቤትነት ይረከባል። የወረዳው ውሃ ጽህፈት ቤት ሙያዊ ድጋፍ ይሰጣል። የውሃ ኮሚቴው ከተጠቃሚዎች በሚሰበሰብ ገንዘብ የጥገና ወጪውን ይሸፍናል።» ከጎኑ የተጻፈልኝ አስተያየት አንድ መስመር ነው፦ «ስንት ብር፣ ከማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለየትኛው ወጪ?»

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ለገጠር የተቀመጠው መስፈርት በሰው በቀን 25 ሊትር ነው። ለ2,400 ሰው 60,000 ሊትር፣ ማለትም 3,000 ጀሪካን ይሆናል። አንዱ ጀሪካን በ50 ሳንቲም ቢሸጥ በቀን 1,500 ብር፣ በዓመት 547,500 ብር ይገባል። ይህን ብጨምርበት ይበቃል? የቀረኝ አሥር ቀን ነው።

---

ሰለሞን ፕሮግራም — ጥቅምት 11

እህቴ፣ ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ግን በተጠቃሚ ክፍያ ላይ ብቻ የቆመ ክፍል ለጋሹን አያሳምነውም። ብዙ ፕሮፖዛል ጽፌያለሁ፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ የገቢ ምንጭ እጨምራለሁ። ለምሳሌ ኮሚቴው የእህል ወፍጮ ይኑረው፤ ትርፉ ለውሃው ጥገና ይዋል። ድርጅታችሁም ራሱ ገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራት ይችላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ፈቅዶታል፤ የቀድሞው ሕግ እንደዚህ አልነበረም። ሁለት አንቀጽ ጨምሪና መልሰሽ ላኪው።

---

ከሜሪላንድ — ጥቅምት 11

እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ተሰባስበን ለትውልድ መንደራችን ውሃ አስገብተን ነበርና ጉዳዩ ይገባኛል። ዘላቂነት የሚመጣው አካባቢውን በመጠበቅ ነው። ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ተራራ ከከብት ንክኪ ነጻ አድርጉት፣ እርከን ሥሩ፣ ሀገር በቀል ዛፍ ትከሉ። የእኛ ምንጭ የደረቀው ደኑ ስለተመነጠረ ነው። ይህን ከጻፍሽ ማንም አይመልስብሽም።

---

ትዕግስት ዘወሎ — ጥቅምት 11

አመሰግናለሁ እህቴ። የተፋሰስ ሥራው በሌላ ክፍል ተጽፏል፣ ያንን ተቀብለውታል። እዚህ ላይ የጠየቁኝ ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው፤ እነሱ ከወጡ በኋላ እያንዳንዱን ሥራ ማን ይከፍላል ነው ጥያቄው።

---

የጉድጓድ ሰው — ጥቅምት 12

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል በገጠር ውሃ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስሌትሽን በግልጽ ልንገርሽ፦ ገቢው ሦስት እጥፍ ተጋኗል።

25 ሊትር የዲዛይን መስፈርት ነው። የፓምፑንና የታንከሩን መጠን ለመወሰን እንጂ ሽያጭን ለመገመት አይሆንም። ለአምስት ሰው 125 ሊትር ማለት ከስድስት ጀሪካን በላይ ነው። ያንን በቀን ስድስት ጊዜ በጀርባዋ የምታመላልስ እናት የት ታውቂያለሽ? ቦኖው ሩብ ሰዓት ቢርቅ እንኳ በበጋ አንድ ቤት ሦስት ጀሪካን ከቀዳ ብዙ ነው። በክረምት ደግሞ የጣሪያ ውሃ አለ፣ ወራጅ አለ፣ ያለ ክፍያ የሚቀዳ ምንጭ አለ። ያን ጊዜ ለመጠጥ ብቻ አንድ ጀሪካን ይወስዳሉ።

በዚህ እንሂድ። በጋውን ስምንት ወር እንበለው፣ 240 ቀን። 480 ቤት በሦስት ጀሪካን በ50 ሳንቲም በቀን 720 ብር ነው፤ በስምንቱ ወር 172,800 ብር። ክረምቱ 120 ቀን በቀን 240 ብር፣ 28,800 ብር። ድምሩ 201,600 ነው። ከዚህ ላይ የሚፈሰውን፣ በዱቤ የተቀዳውን፣ ሳይመዘገብ የቀረውን 15 በመቶ ቀንሺ። በእጅሽ የሚቀረው 171,360 ብር ነው። ከ547,500 ጋር አስተያዪው።

አሁን ወጪውን ጻፊና አምጪ። ወጪ ስል የዓመቱን ብቻ አይደለም። ፓምፑ ሲቃጠል የሚተካበትንም ጭምር ነው። ያየኋቸው አብዛኞቹ ተቋማት የሞቱት በቧንቧ መክፈቻ አይደለም፤ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ዓመት ሞተሩ ሲሄድ ነው። ያኔ ፕሮጀክቱ የለም፣ የፕሮጀክቱ መኪና የለም፣ ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊም ተቀይሯል።

---

ትዕግስት ዘወሎ — ጥቅምት 12

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሌቱ አስደንግጦኛል፤ ግን እውነቱን አሁን ነው ያየሁት። ወጪውን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አወጣነው። ኦፕሬተሩ በወር 3,000፣ ጥበቃው 2,500፣ አራቱ የቦኖ ሻጮች በግማሽ ቀን ሥራ እያንዳንዳቸው 1,200 ብር ቢከፈላቸው የዓመት ደመወዙ 123,600 ብር ነው። ለመክፈቻ፣ ለቫልቭና ለቧንቧ 24,000። ለክሎሪን፣ ለደረሰኝና ወደ ወረዳ ለመመላለሻ 12,000። ይህ ሁሉ 159,600 ይሆናል።

ጋሼ እንዳሉት ከታሰበ ደግሞ ፓምፑና ሞተሩ፣ ከአቅራቢ ባመጣነው ዋጋ፣ 480,000 ብር ነው። በስምንት ዓመት ሲካፈል በዓመት 60,000። ኢንቨርተሩ 150,000 ነው፤ በአምስት ዓመት 30,000። እንግዲህ በየዓመቱ የሚያስፈልገን 249,600 ብር ነው። በ50 ሳንቲም ከሸጥን 78,240 ብር ይጎድላል።

---

የጉድጓድ ሰው — ጥቅምት 12

ጎበዝ። አሁን የምትጽፊው ነገር አገኘሽ። በ75 ሳንቲም አስቢው፦ 257,040 ብር ይገባል። ወጪውን ሸፍኖ ሰባት ሺህ ብር ያህል ይተርፋል። በጣም ጠባብ ነው፤ ዋጋ ሲጨምር የሚቀዳውም ሊቀንስ ይችላል፤ ቢሆንም ከ50 ሳንቲሙ ይሻላል። መልስ እንዳያስቸግር ሁለት ጀሪካን በ1 ብር ከ50 ይሸጥ።

አንድ ነገር ግን ከግንባታው ጋር አብረሽ አስገቢ፦ ከታንከሩ መውጫ ላይ የውሃ ቆጣሪ። አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ነው። በወሩ መጨረሻ ቆጣሪው 800 ሜትር ኩብ ካሳየ 40,000 ጀሪካን ወጥቷል፤ በ75 ሳንቲም 30,000 ብር መግባት ነበረበት። ባንክ የገባው 19,000 ከሆነ ወይ መስመሩ ተሰብሯል፣ ወይ ገንዘቡ በሻጮቹ እጅ ቀርቷል። ሌሊት ቦኖዎቹ ተዘግተው ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ነው። ይህን ለመለየት ኦዲተር አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና ሁለት ንባብ ይበቃል።

ሌላው ምልክት ታንከሩ ለመሙላት የሚወስደው ሰዓት ነው። ኦፕሬተሩ በየቀኑ ይጻፈው። ፀሐይ እያለ፣ መስመሩም ደህና ሆኖ፣ የአራት ሰዓቱ ሥራ ስድስት ሰዓት ሲወስድ ፓምፑ እየደከመ ነው ወይም የጉድጓዱ ውሃ እየወረደ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያ ከተጠራ ሞተሩ ሳይቃጠል ይደረስበታል።

---

ሒሳብ ያዥ ነበርኩ — ጥቅምት 13

ስለ ኮሚቴው ሒሳብ ከራሴ የደረሰውን ልጻፍ። በቀበሌያችን የውሃ ኮሚቴ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ገንዘባችን በአግባቡ ተሰብስቧል፤ ባንክ ውስጥ 46,000 ብር ነበረን። የካቲት ላይ ዋናው መስመር ሲሰበር 11,000 ብር ያስፈልግ ነበር። ፈራሚዎቹ ሦስት ነን፤ ደንባችን ሦስቱም ካልፈረሙ አይወጣም ይላል። ሊቀ መንበሩ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ ስልኩም አይሠራም።

ባንኩ «ፈራሚ ለመቀየር የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤና የወረዳው ደብዳቤ አምጡ» አለን። ጉባኤ ጠርተን፣ ደብዳቤ አጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን እስክንመለስ ሁለት ወር ከሳምንት ሄደ። ሴቶቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ወንዝ ተመለሱ። ብራችንን ይዘን ነው የተጠማነው። መስመሩ ከተጠገነ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ለመክፈል አልፈለገም፤ «ስንከፍል ከርመን ምን አገኘን» አሉን። ተሳስተዋል ማለት አልቻልኩም።

ስለዚህ እህቴ፣ «ኮሚቴው ባንክ ሒሳብ ይከፍታል» ብለሽ አትለፊው። አራት ፈራሚ ይኑር፣ ከአራቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ፤ ከሁለቱ አንዷ በመንደሩ የምትኖር ሴት ትሁን። ለትንሽ ጥገና ደግሞ ወደ ባንክ ሳይኬድ የሚወጣ 5,000 ብር በእጅ ይኑር። ኮሚቴውም ሕጋዊ ምዝገባ ይኑረው፤ ያልተመዘገበ ኮሚቴ ገንዘቡን የበላበትን ሰው እንኳ ለመክሰስ ይቸገራል።

---

ትዕግስት ዘወሎ — ጥቅምት 13

ይህንን በቃሉ አስገባዋለሁ። ስላካፈሉን አመሰግናለሁ፤ የአራቱን ፈራሚ ነገር በራሴ አላስበውም ነበር።

---

የወረዳ ፋይናንስ — ጥቅምት 13

በወረዳ ገንዘብ ጽህፈት ቤት እሠራለሁ። «የወረዳው ውሃ ጽህፈት ቤት ድጋፍ ይሰጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ በብዙ ፕሮፖዛሎች ላይ ይመጣልናል። ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ደብዳቤው ግን በጀት አይደለም። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። የሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ትንሽ ነው፤ እሱም በመደብና በርዕስ የተያዘ ነው። በርዕስ ያልተያዘ ነገር ሐምሌ ላይ የለም።

ፕሮጀክታችሁ የሚያበቃው መቼ ነው? በለጋሹ ዓመት በታህሳስ ከሆነ ችግር አለ። የእኛ በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ታህሳስ ላይ ወጪውን ብታስረክቡን በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ አልተያዘም፤ እስከሚቀጥለው ሐምሌ ስድስት ወር ያህል ማንም የማይከፍልበት ክፍተት ይፈጠራል። ብዙ ርክክብ የተበላሸው በዚህ ስድስት ወር ውስጥ ነው። ሰዎቹ «መንግሥት ቃሉን አጠፈ» ይላሉ፤ መንግሥት ደግሞ «አልተጠየቅኩም» ይላል።

የምመክርሽ፣ የርክክቡን ቀን ሰኔ 30 አድርጊው። ለወረዳው የሚተላለፈውን ወጪ በብር ጻፊ፤ ለምሳሌ የዓመት የውሃ ጥራት ምርመራና የባለሙያው የጉዞ አበል። ጥያቄው በጀቱ ለምክር ቤት ከመቅረቡ ወራት አስቀድሞ ይግባ። ከደብዳቤው ጋር የሚያያዘው የበጀት ርዕሱ የተጻፈበት ገጽ ይሁን።

---

ሰለሞን ፕሮግራም — ጥቅምት 14

በሰኔ 30ው ጉዳይ እስማማለሁ፤ እኔም ከዚህ በኋላ እጠቀምበታለሁ። ወፍጮውን ግን ለምን እንዳለፋችሁት አልገባኝም። ሰባት ሺህ ብር ትርፍ ማለት አንድ መጥፎ ክረምት የሚበላው ነው። ሌላ ገቢ የግድ ነው።

---

የጉድጓድ ሰው — ጥቅምት 14

ልጄ ሰለሞን፣ ስጋትህ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ነው የምንለያየው። ወፍጮ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሞተሩ ይበላሻል፣ ድንጋዩ ያልቃል፣ ከመንደሩ ማዶ ያለው ነጋዴ ዋጋ ይቀንስበታል። ውሃውን ለማስተዳደር የሠለጠኑትን ሰባት ሰዎች ነጋዴ አድርገህ ሁለት ሸክም ታሸክማቸዋለህ። ወፍጮው ሲከስር የሚደጎመው ከውሃው ሣጥን ነው፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

ድርጅቱ ራሱ ቢነግድስ ላልከው፣ አዋጁ መፍቀዱ እውነት ነው። ግን ሒሳቡ ከእርዳታው ሒሳብ ተለይቶ መያዝ አለበት፤ ትርፉ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ያ ስሌት በሌለበት «ገቢ ማስገኛ እንጀምራለን» ማለት አንድ ያልተመለሰ ጥያቄን በሌላ ያልተመለሰ ጥያቄ መመለስ ነው። ከዚያ ይልቅ ወጪውን እንይ። የቦኖ ሻጮቹ ደመወዝ 57,600 ብር ነው፤ በወር ደመወዝ ፋንታ ከሸጡት ላይ በመቶኛ ቢከፈላቸው ክረምት ሲመጣ ወጪውም አብሮ ይወርዳል።

---

ሰለሞን ፕሮግራም — ጥቅምት 14

የመቶኛው ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ተቀብያለሁ። በወፍጮው ላይ ግን አልተረታሁም። የሠራባቸው ቦታዎች አሉ።

---

ጤና ላይ የነበርኩ — ጥቅምት 15

የእኔ ጉዳይ ውሃ አይደለም፤ ግን ትዕግስትን የሚጠቅማት ይመስለኛል። በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በሚሠራ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ መረጃ ያዥ ነበርኩ። የዘላቂነት ክፍላችን በጣም ያማረ ነበር፤ ሁሉም ነገር በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ለጤና ጣቢያዎቹ ይተላለፋል ይላል። ጥር 2017 ላይ እርዳታው እንዲቆም ታዘዘ። እኛ ገና ሦስተኛው ዓመት ላይ ነበርን። ዓርብ ማታ ቤታችን ገባን፤ ሰኞ ሥራ የለም። በመዝገብ ላይ የነበሩ ታካሚዎችን ማን እንደሚደውልላቸው ማንም አልተነጋገረም ነበር።

እኔ አሁን ማንኛውንም የዘላቂነት ክፍል ሳነብ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ቢቆም የትኛው ሥራ በራሱ ይሄዳል? ሁሉ ነገር ወደ መጨረሻው ወር የተገፋበት ጽሑፍ መልስ የለውም።

---

ትዕግስት ዘወሎ — ጥቅምት 15

የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም አዝናለሁ። የእኛም ሰነድ እንደዚያው ነበር፤ «በሦስተኛው ዓመት አራተኛ ሩብ» የሚል ቃል ስድስት ቦታ ላይ አገኘሁ። ሽያጩ ውሃው ከወጣበት ቀን እንዲጀምር አድርጌ ልቀይረው ነው።

---

የባንክ ልጅ — ጥቅምት 16

ስለ መተኪያው ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። ፓምፑ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት ለፓምፕ መተኪያ ሲቆጥብ የቆየ ኮሚቴ ገንዘቡ ሳይነካ የፓምፑ ግማሽ ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ 60,000 ብር ለስምንት ዓመት ማስቀመጥ በወረቀት ላይ ይሠራል፤ የቁጠባ ወለዱ ግን የዋጋ ንረቱን አይደርስበትም።

ይህን ለለጋሹ ደብቀሽ አትለፊው። ታሪፉ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ እንደሚታይ፣ መነሻውም የፓምፑ የዚያ ዓመት ዋጋ እንደሚሆን በኮሚቴው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛም፣ ብሩ እንዳለ ከሚቀመጥ አሁን ወደ ዕቃ ይቀየር፤ በፕሮጀክቱ ገንዘብ አንድ መለዋወጫ ኢንቨርተር ተገዝቶ በወረዳው መጋዘን ቢቀመጥ ከሒሳቡ በላይ ዋጋ አለው።

---

የወረዳ ፋይናንስ — ጥቅምት 16

በኢንቨርተሩ አልስማማም። በመጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ሌላ ቀበሌ ሲበላሽበት ይወጣል፤ አለመስጠትም ከባድ ነው። ካልቀረ በቀበሌው፣ በኮሚቴው ስም በሞዴል ተመዝግቦ ይቀመጥ።

---

የጉድጓድ ሰው — ጥቅምት 16

በቀበሌ ከተቀመጠ ደግሞ እርጥበትና አይጥ ያገኘዋል። የተሻለው በዞን ደረጃ ብዙ ኮሚቴዎች አብረው የሚያዋጡበት የጋራ መጠባበቂያ ነበር። ግን አንዱ ቀበሌ የሌላውን ፓምፕ ለመግዛት ይስማማል ወይ የሚለውን እስካሁን በአጥጋቢ ሁኔታ የመለሰ አላየሁም።

---

ትዕግስት ዘወሎ — ጥቅምት 19

እንደገና ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለኃላፊዬ ሰጥቼዋለሁ። ዋናውን ክፍል እዚህ አስቀምጠዋለሁ፤ የታየ ስህተት ካለ ንገሩኝ።

«ውሃው ሥራ በሚጀምርበት ቀን፣ በሁለተኛው ዓመት ሁለተኛ ወር፣ ሽያጭ ይጀመራል፤ ሁለት ጀሪካን በ1 ብር ከ50። እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የኦፕሬተሩንና የጥበቃውን ደመወዝ ፕሮጀክቱ ይከፍላል፤ ቦኖ ሻጮቹ ከሽያጩ በመቶኛ ይከፈላቸዋል፤ ቀሪው ገቢ ለመተኪያ ይቀመጣል። በሦስተኛው ዓመት ፕሮጀክቱ አንድም የማስኬጃ ወጪ አይከፍልም፤ የቆጣሪ ንባብና የባንክ ገቢን በየወሩ ማመሳከር ብቻ ይሠራል። የሦስተኛው ዓመት ገቢ ወጪውን ካልሸፈነ ታሪፉ ወይም ወጪው ፕሮጀክቱ ሳይወጣ ይስተካከላል። የንጽህና ትምህርቱን ደመወዛቸው በመንግሥት በሚከፈል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል እናስቀጥላለን። የውሃ ጥራት ምርመራ በወረዳው በጀት ይያዛል፤ ርክክቡ ሰኔ 30 ነው። የድርጅታችን የመስክ ሠራተኛ፣ ሞተር ብስክሌቱና የትምህርት ቤት የንጽህና ክበባት ውድድር ከፕሮጀክቱ ጋር ያበቃሉ፤ የሚቀጥሉበት የገንዘብ ምንጭ የለም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ኃላፊዬ እንዳወጣው ጠይቆኝ ነበር። «ድክመት ያስመስላል» አለኝ።

---

የጉድጓድ ሰው — ጥቅምት 19

እንዳታወጪው። የሚቆመውን የሚናገር ሰነድ ስለሚቀጥለው ሲናገርም ይታመናል። ሁሉም ይቀጥላል የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው የትኛው እንደተሰላና የትኛው እንደተመኘ መለየት አይችልም።

---

የወረዳ ፋይናንስ — ጥቅምት 19

አንድ እርማት አለኝ። «በወረዳው በጀት ይያዛል» ከሚለው አጠገብ የብሩን መጠን ጻፊ። ያለ ቁጥር ከሆነ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ የምይዘው ነገር አይኖርም።

---

ሒሳብ ያዥ ነበርኩ — ጥቅምት 20

ጥሩ ሆኗል። የምጠይቀው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ጥሬ ገንዘብ የሌላቸው ሰዎችስ? በእኛ ቀበሌ ባሏ የሞተባት፣ አረጋዊ፣ መሬት የሌለው ወጣት አለ። እኛ መጀመሪያ በነጻ ይቅዱ አልን፤ ስም ዝርዝሩ በሁለት ዓመት ከ20 ወደ 90 ቤት አደገ። ከዚያ አዝመራ ሲገባ በእህል ይክፈሉ ተባለ፤ ጤፉን የሚመዝንና የሚሸጥ ሰው ጠፋ።

---

ትዕግስት ዘወሎ — ጥቅምት 20

የብሩን መጠን ዛሬ ከወረዳው ጠይቄ አስገባለሁ። የድሆቹን ጉዳይ ግን በስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም፤ 480ውም ቤት ይከፍላል ብዬ ነው ያሰላሁት። 50 ቤት በነጻ ቢቀዳ ከዓመቱ ገቢ አሥር በመቶ ያህል ይሄዳል፤ ሰባት ሺህ ብር የነበረው ትርፍ ጉድለት ይሆናል። የሻጮቹ መቶኛ ስንት ቢሆን ይህንን እንደሚሸፍን ማታ እንደገና አሰላዋለሁ። ቀበሌው ዝርዝሩን በየዓመቱ በሕዝብ ፊት እንዲያጸድቅ ያደረገ አካባቢ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ፤ ሰነዱን የምልከው ዓርብ ነው።